የአጥር ሂሳብ በካሬ አይሠራም

ቦታ ያለው ሰው ስለ ቦታው ሲጠየቅ "አምስት መቶ ካሬ ነው" ብሎ ይመልሳል። ለሽያጩም፣ ለግብሩም፣ ለቤቱ ፕላንም የሚፈለገው ቁጥር ይኸው ስለሆነ አፉ ላይ ቀርቷል። ለማጠር ሲነሳ ግን ይህ ቁጥር ምንም አይነግረውም። አጥር የሚሄደው በጠርዝ ላይ እንጂ በሜዳው ላይ አይደለም። 20 በ25 የሆነ ቦታ 500 ካሬ ነው፤ ዙሪያው 90 ሜትር ይሆናል። 10 በ50 የሆነ፣ ፊቱ ጠቦ ወደ ውስጥ የረዘመ ቦታም 500 ካሬ ነው፤ ዙሪያው ግን 120 ሜትር ነው። ሁለቱ ባለቤቶች ለቦታው አንድ ዓይነት ዋጋ ከፍለው ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ለአጥሩ አንድ ሦስተኛ ጨምሮ ይከፍላል። ስለዚህ "ለ500 ካሬ አጥር ስንት ይፈጃል?" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ዋጋ የሚነግር ባለሙያ ካጋጠመዎ፣ የሚነግርዎ ግምት ነው ማለት ነው።

በዚህ ምዕራፍ የምናሰላው በከተማ ዳርቻ የተለመደውን አጥር ነው፤ የባህር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ እሾሃማ ሽቦ በስድስት ረድፍ የሚወጠርበትን። የብሎኬትና የቆርቆሮ አጥር ሂሳቡ ሌላ ነው። ምሳሌያችን በደብረ ብርሃን ዳርቻ ያለ አንድ ግቢ ይሁን፤ ፊቱ 20 ሜትር፣ ቀኙ 26፣ ጀርባው 21፣ ግራው 24። አራቱ ጎኖች እኩል አለመሆናቸው ሆን ተብሎ ነው፤ ደንበኛ አራት ማዕዘን የሆነ ቦታ ከወረቀት ላይ ወርዶ መሬት ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ዙሪያውን ማግኘት

የይዞታ ካርታ ካለ የጎኖቹ ርዝመት እዚያው ላይ ተጽፎ ይሆናል። ባይጻፍም የየማዕዘኑ ኮኦርዲኔት በሰንጠረዥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ከዚያ ማውጣት ይቻላል። የሁለት ተከታታይ ማዕዘኖችን የምሥራቅ ቁጥሮች ይቀንሱ፤ የሰሜን ቁጥሮቻቸውንም እንዲሁ። በእኛ ግቢ ቀኝ ጎን ላይ የምሥራቁ ልዩነት 10 ሜትር፣ የሰሜኑ 24 ሜትር ነው እንበል። 10 በራሱ ሲባዛ 100፣ 24 በራሱ ሲባዛ 576፤ ድምሩ 676። የዚህ ስኩዌር ሩት 26 ነው፤ ጎኑ 26 ሜትር ሆነ ማለት ነው። አራቱንም እንዲህ አውጥተን ስንደምር ዙሪያው 91 ሜትር ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙዎች በካርታቸው ላይ ያለውን ኮኦርዲኔት ስልካቸው ላይ አስገብተው ማዕዘኑን በእግራቸው ሊፈልጉ ይሞክራሉ። በአገራችን ብዙ ካርታዎች የተሠሩበት የልኬት መነሻ አዲንዳን የሚባለው ነው፤ ስልክ የሚጠቀምበት ደግሞ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መዛነፍ ከመቶ ሜትር ይበልጣል፤ ያለ ቅየራ የገባ ቁጥር ሰውየውን የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ያቆመዋል። ቅየራው ተስተካክሎ ቢገባ እንኳ ስልክ በራሱ በጥቂት ሜትር ይስታል። ርዝመት ለማውጣት የካርታው ቁጥር ይበቃል፤ ማዕዘኑን መሬት ላይ ለማግኘት ግን የወሰን ድንጋዩን ወይም የማዘጋጃ ቤቱን ቀያሽ ይፈልጉ። ከዚያ በኋላ ነው ከድንጋይ ድንጋይ ሲባጎ ተወጥሮ በሜትር የሚለካው። ሜትሩ መሀል ላይ ከረገበ ርዝመቱን አብዝቶ ይነግርዎታል፤ በሣርና በቁጥቋጦ ላይ ከታጠፈም እንዲሁ።

ካርታው ከሚለው ሜዳው ካጠረ ወይም ከረዘመ መጀመሪያ ከወሰንተኛው ጋር ይነጋገሩ። ሲባጎው ተወጥሮ ሳለ ጎረቤት ቆሞ ቢያየው ይሻላል፤ ቋሚ ከተተከለ በኋላ የሚነሳ ክርክር ጉድጓዱን ሁለት ጊዜ ያስቆፍራል። እግረ መንገድዎን በጀርባ በኩል ያለው ጎረቤት የወጪውን ግማሽ ይጋራ እንደሆነም ይጠይቁ። ከ91 ሜትሩ 21ዱ የእርሱም አጥር ነው።

ስለ ዳገት ብዙዎች ይጨነቃሉ። ካርታ የሚለካው በአግድም ነው፤ ሽቦው ግን ዳገቱን ተከትሎ ይወጣል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱ ከሚገመተው በጣም ያነሰ ነው። 26 ሜትሩ ጎን ከጫፍ ጫፍ 3 ሜትር ቢወጣ፣ የሽቦው መንገድ 26 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር ነው። ለዚህ ብሎ ጥቅል መጨመር አያስፈልግም። ዳገት ገንዘብ የሚወስደው በሌላ መንገድ ነው፤ መሬቱ በሚሰረጎድበትና በሚያብጥበት ቦታ ሁሉ፣ ሽቦው ከመሬት እንዳይርቅ ወይም እንዳይቀበር፣ ከልኩ ውጭ አንድ ቋሚ ይጨመራል።

ቋሚ ስንት?

ከዙሪያው ላይ በሩ ይቀነሳል። በእኛ ግቢ የመኪናውና የሰው መግቢያው አብረው 4 ሜትር ይይዛሉ፤ ለሽቦ የሚቀረው 87 ሜትር ነው። በሩ ራሱ የብየዳ ሥራ ስለሆነ ከዚህ ሂሳብ ውጭ እናደርገዋለን።

በቋሚና በቋሚ መካከል 2 ሜትር ተኩል ይሁን ብለን እንነሳ። ሠራተኛው ቶሎ ብሎ 87ን ለ2.5 ያካፍልና "35 ቋሚ" ይላል። በዚህ መልስ ውስጥ ሁለት ስህተት አለ። የመጀመሪያው፣ ማካፈል የሚሰጠው የክፍተቱን ብዛት ነው፤ ከበሩ አንድ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ ላይ የሚያበቃ አጥር ደግሞ ከክፍተቶቹ አንድ የሚበልጥ ቋሚ ይፈልጋል። ጭራሽ በር የሌለው፣ ዞሮ ራሱ ላይ የሚገጥም አጥር ቢሆን ኖሮ ክፍተቱና ቋሚው እኩል ይሆን ነበር። ሁለተኛው ስህተት የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል። አጥር በየማዕዘኑ የግድ ቋሚ ስላለው እንደ አንድ ረጅም መስመር ተቆጥሮ አይካፈልም። እያንዳንዱ ጎን ለብቻው ይካፈላል፤ ትርፍ ከመጣም ወደ ላይ ይጠጋጋል።

እናድርገው። ቀኙ 26 ሜትር ለ2.5 ሲካፈል 10.4 ነው፤ 11 ክፍተት ይሁን። ይህ ማለት በዚህ ጎን ላይ ቋሚዎቹ በ2 ሜትር ከ36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይተከላሉ፤ 10ሩ በ2.5 ሄደው የመጨረሻው አንድ ሜትር ብቻ ሆኖ አያስቀይምም። ጀርባው 21 ሜትር 9 ክፍተት፣ ግራው 24 ሜትር 10 ክፍተት ይወስዳል። ፊቱ ላይ በሩ መሀል አይደለም፤ ከአንዱ ማዕዘን 6 ሜትር፣ ከሌላው 10 ሜትር ይርቃል። ስድስቱ 3 ክፍተት፣ አሥሩ 4 ክፍተት ይሆናሉ። ድምሩ 37 ክፍተት፤ አንድ ሲጨመር 38 ቋሚ። ከሠራተኛው ግምት በሦስት ይበልጣል። ጭነቱ ደርሶ መኪናው ከተመለሰ በኋላ ሦስት ቋሚ ለመጨመር መሄድ የሚያስወጣውን ገንዘብ ያየ ሰው ይህን አምስት ደቂቃ አይሰስትም።

ከ38ቱ ውስጥ ስድስቱ ከሌሎቹ ይለያሉ። አራቱ የማዕዘን፣ ሁለቱ የበር ናቸው። እነዚህን ዋና ቋሚ እንበላቸው። የመሀሉ ቋሚ ሥራው ሽቦውን በልኩ ከፍታ ይዞ መቆም ብቻ ነው፤ ከግራም ከቀኝም እኩል ስለሚሳብ ራሱን ያመዛዝናል። የማዕዘኑ ግን በሁለት አቅጣጫ ይሳባል፤ ሁለቱም ወደ ውስጥ። እያንዳንዱ ረድፍ ሽቦ በ50 ኪሎ ኃይል ተወጥሯል ብንል፣ ስድስቱ ረድፍ ከአንድ ጎን 300 ኪሎ ይስባሉ፤ ከሁለቱም ጎን ተደምሮ ማዕዘኑን ወደ ግቢው ውስጥ የሚጎትተው ኃይል ወደ 420 ኪሎ ይጠጋል። ከዓመት በኋላ ሽቦው ረግቦ የምናየው አጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ስለላላ አይደለም፤ የማዕዘን ቋሚው ጥቂት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ስላዘመመ ነው። ስለዚህ ዋና ቋሚ ወፍራም ይሁን፣ ጠልቆ ይተከል፣ ሽቦው በሚሄድበት በኩል ጋደል ብሎ የሚደግፈው እንጨት ይሰጠው። ለየማዕዘኑ ሁለት፣ ለየበሩ ቋሚ አንድ ሲታሰብ 10 ደጋፊ ያስፈልጋል። በብዙ የዋጋ ዝርዝሮች ላይ ይህ መስመር አይገኝም። አጥሩ ቶሎ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ርቀቱን እንለዋውጠው። በ2 ሜትር ቢተከል፣ ያንኑ የጎን ለጎን ሂሳብ ስንሠራ 45 ቋሚ ይመጣል። በ3 ሜትር 31። እንግዲህ በግማሽ ሜትር ለውጥ ሰባት ቋሚ ይወርዳል ወይም ይወጣል። የትኛው ይሻላል ለሚለው ገንዘቡ ሳይታይ መልስ የለውም፤ ስለዚህ ትንሽ እንታገሥ።

ሽቦው፣ ወይም ጥቅሉ ውስጥ ያለው

የሽቦ ርዝመት ለቋሚ ርቀት ግድ የለውም። ቋሚው በ2 ሜትርም ይተከል በ3፣ 87 ሜትር በስድስት ረድፍ ሲባዛ 522 ሜትር ነው። በዚህ ላይ የሚጨመረው ጫፍ ላይ የሚጠመጠመው ነው። ሽቦው በየማዕዘኑ ተቆርጦ ቢታሰር፣ እኛ ጋ አምስት ቁራጭ መስመር አለ፤ እያንዳንዱ በሁለት ጫፉ ግማሽ ግማሽ ሜትር ይጠመጠማል። ለአንድ ረድፍ 5 ሜትር፣ ለስድስቱ 30 ሜትር። ድምሩ 552 ሜትር። ማዕዘን ላይ ሳይቆረጥ ዞሮ የሚሄድ ሽቦ ጥቂት ሜትር ይቆጥባል፤ ሆኖም አንድ ቦታ ሲበጠስ ጎኖቹ ሁሉ አብረው ይረግባሉ። ቁጠባው አያዋጣም።

ችግሩ ያለው ሱቅ ውስጥ ነው። እሾሃማ ሽቦ የሚሸጠው በጥቅል ነው፤ ጥቅሉ ስንት ሜትር እንደሚወጣው ግን ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። "ይቺ ሦስት መቶ ሜትር ትወጣለች፤ ሁለት ጥቅል ይበቃዎታል" የሚል ሻጭ ውሸት አልተናገረ ይሆናል፤ የተናገረው ስለ ሌላ ውፍረት ሊሆን ይችላል። ዛሬ በየሱቁ የምናየው፣ ሁለት ሽቦ ተጠምዝዞ እሾሁን በመሀሉ ነክሶ የያዘው ዓይነት፣ ጆሴፍ ግሊደን የተባለ የኢሊኖይ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። ብልሃቱ መጠምዘዙ ላይ ነው፤ እሾሁ ወዲያ ወዲህ አይንሸራተትም። ለእኛ ደግሞ መጠምዘዙ ማለት በአንድ ሜትር አጥር ውስጥ ከሁለት ሜትር በላይ ሽቦ አለ ማለት ነው። ስለዚህ የሽቦው ውፍረት ከ2 ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ሲጨምር ክብደቱ በጣም ይዘላል፤ 25 ኪሎ የሚመዝን ጥቅል ከቀጭኑ ወደ 300 ሜትር ሲወጣው ከወፍራሙ 230 ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጥቅሉ ይመዘን። ከዚያ 10 ሜትር ተለክቶ ተቆርጦ እርሱም ይመዘን። 10 ሜትሩ 1.1 ኪሎ ከመዘነ፣ 25 ኪሎው 227 ሜትር ነው። በዚህ ሂሳብ ሁለት ጥቅል 454 ሜትር ይሆናል፤ ከሚያስፈልገው በ98 ሜትር ያንሳል። ይህ ከአንድ ሙሉ ረድፍ ይበልጣል። የሻጩን ምክር የሰማ ሰው ስድስተኛውን ረድፍ ሳይጀምር ሽቦው ያልቅበታል። እኛ ሦስት ጥቅል እንገዛለን። የሚተርፈው 129 ሜትር ነው፤ ሱቁ በኪሎ የሚሸጥ ከሆነ ግን 61 ኪሎ ብለን ትርፉን ማስቀረት እንችላለን።

ወፍራሙን ወይስ ቀጭኑን? ቀጭኑ በሜትር ይረክሳል፤ ነገር ግን ሽቦ የሚያረጀው ከላዩ ያለው የዚንክ ልባስ ካለቀ በኋላ ነው፤ ዝገቱ ከጀመረ ደግሞ ቀጭኑ ቶሎ ይበጠሳል። ለጊዜው ቦታን ለመያዝ ለሚታጠር አጥር ቀጭኑ ይበቃል። ቤት ተሠርቶ ለሚኖርበት ግቢ አልመክረውም።

ረድፎቹ እኩል ርቀት ላይ መሆን የለባቸውም። ከታች ፍየልና ውሻ፣ ከላይ ሰው ነው የሚያልፈው። ከመሬት 15፣ 35፣ 55፣ 80፣ 110 እና 145 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢመቱ ከታች የጠበበ ከላይ የሰፋ አጥር ይወጣል። ለዚህ 2 ሜትር ከ20 የሆነ ቋሚ፣ 60 ሳንቲ ሜትሩ ተቀብሮ፣ ይበቃል። ሽቦውን ቋሚው ላይ የሚይዘው ባለ ሁለት እግሩ ዩ ሚስማር ነው፤ 38 ቋሚ በስድስት ሲባዛ 228 ይሆናል፤ ዋና ቋሚዎቹ ላይ በየረድፉ ሁለት ሁለት ቢመታም ሁለት ኪሎ ይበቃል።

ገንዘቡ

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት የተወሰዱ ናቸው። ገበያው በየወሩ ስለሚለዋወጥ አንባቢ የራሱን ከተማ የዛሬ ዋጋ እየተካ ይሥራው፤ የሚቀረው ስሌቱ ነው።

የመሀል ቋሚ 250 ብር ይሁን፤ 32ቱ 8,000። ዋና ቋሚ 600፤ ስድስቱ 3,600። ደጋፊ 250፤ አሥሩ 2,500። ሽቦ በጥቅል 6,000፤ ሦስቱ 18,000። ሚስማር 400። ለምስጥ መከላከያና ለድንጋይ 1,500። ጭነት 2,500። እስካሁን 36,500 ብር።

የእጅ ዋጋውን ለሁለት እንከፍለዋለን፤ አንዱ በቋሚ የሚቆጠር፣ ሌላው በሜትር የሚቆጠር። የመሀል ቋሚ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ተክሎ፣ ጠቅጥቆ 150 ብር፤ 32ቱ 4,800። ዋና ቋሚ ከነደጋፊው 400፤ ስድስቱ 2,400። ስድስቱን ረድፍ ወጥሮ መምታት በአንድ ሜትር አጥር 40 ብር፤ 87 ሜትሩ 3,480። የእጅ ዋጋው ድምር 10,680። ሁሉም አንድ ላይ 47,180 ብር፤ በሜትር 542 ብር ገደማ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ። አንድ የመሀል ቋሚ ቆሞ እስኪታይ ድረስ የሚፈጀው፣ እንጨቱ 250፣ የእጁ 150፣ በድምሩ 400 ብር ነው። ይህን "የተተከለ ቋሚ ዋጋ" እንበለው፤ በአጥር ሂሳብ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ቁጥር ይህ ነው። ሰባት ቋሚ መጨመር 2,800 ብር ነው። በ2 ሜትር ብናጥር 49,980፣ በ3 ሜትር ብናጥር 44,380 ብር ይመጣል። በጣም በተጠጋውና በጣም በራቀው መካከል ያለው ልዩነት 5,600 ብር ብቻ ነው፤ ከአንድ ጥቅል ሽቦ ያነሰ። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን የሚወስደው ሽቦው ነው፤ እርሱ ደግሞ ቋሚ በመቀነስ አይቀንስም።

በዚያ 5,600 ብር የሚገዛው ነገር ምንድን ነው? ሽቦ በራሱ ክብደት ብዙ አይረግብም፤ በደንብ ከተወጠረ በ3 ሜትር ክፍተት ውስጥ የሚወርደው በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። አጥሩን የሚፈትነው ግን ክብደቱ ሳይሆን የሚገፋው ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ጥጃ ሽቦውን መሀል ላይ ሲጫነው፣ ሽቦው የሚሰጠው መጠን ከክፍተቱ ርዝመት ጋር አብሮ ያድጋል። በ2 ሜትር ክፍተት 20 ሳንቲ ሜትር የሚለጠጥ ሽቦ በ3 ሜትር 30 ሳንቲ ሜትር ይለጠጣል። አንዱን ረድፍ በእግር ረግጦ ሌላውን በእጅ ወደ ላይ ለሚስብ ሰው፣ ይህ ልዩነት የበር ያህል ነው። ለእንጨት ቋሚ እንግዲህ ፍርዴ ግልጽ ነው፤ ርቀቱን በማስፋት ገንዘብ ለመቆጠብ አይሞክሩ፤ ከ2.5 አይለፉ።

ቋሚው አንግል ብረት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ብረት በኮንክሪት ይተከላል። 30 በ30 ስፋት፣ 60 ጥልቀት ያለው ጉድጓድ 0.054 ሜትር ኩብ ነው። በተለመደው ቀለል ያለ ኮንክሪት ለአንድ ሜትር ኩብ 250 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ሲገባ፣ ለአንድ ጉድጓድ 13 ኪሎ ተኩል ይደርሳል፤ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት አራት ጉድጓድ ለመሙላት ጥቂት ይጎድለዋል። ብረቱን 1,800፣ ሲሚንቶውን 250፣ አሸዋና ጠጠሩን 150፣ የእጁን 300 ብንል የተተከለ ቋሚ ዋጋ 2,500 ብር ሆነ። አሁን ሰባት ቋሚ 17,500 ብር ነው፤ ከ2 ሜትር ወደ 3 መሄድ 35,000 ብር ይቆጥባል። እዚህ ማስፋቱ ያዋጣል። የሚለጠጠውን ክፍተት ለመያዝ ደግሞ በየመሀሉ መሬት ያልነካ ቀጭን እንጨት ወይም ብረት ከስድስቱም ረድፍ ጋር በማሰሪያ ሽቦ ይታሰራል። ጉድጓድም ሲሚንቶም አይፈልግም፤ ረድፎቹን ግን እንዳይራራቁ አንድ ላይ ይይዛቸዋል።

ኮንክሪት ጠንካራ ነው ብለው ለእንጨት ቋሚም እንዳያደርጉት። እንጨት ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ በእርሱና በኮንክሪቱ መካከል በተፈጠረው ቀጭን ክፍተት ውኃ ገብቶ ይቀመጣል፤ ቋሚው ልክ በመሬቱ ደረጃ ላይ በስብሶ ይሰበራል። ለባህር ዛፍ የሚስማማው፣ የሚቀበረውን ክፍል ልጣጩን ልጦ፣ አድርቆ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደጋግሞ መቀባት፣ ከዚያ ድንጋይና አፈር በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቁ መሙላት ነው። ዘይቱ ከውኃ ጉድጓድና ከጓሮ አትክልት አጠገብ ባይሆን ይመረጣል። እርጥብ እንጨት የሚሸጥልዎ ሰው ዋጋ ቢቀንስልዎም፣ ያ እንጨት ሲደርቅ ዩ ሚስማሩን ይለቃል።

እጅ ዋጋውን መነጋገር

የቀን ሠራተኛ ማዋል ወይም በኮንትራት መስጠት የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው መሬቱ ውስጥ ነው። በለሰለሰ ቀይ አፈር ጎበዝ ቆፋሪ በቀን ብዙ ጉድጓድ ያወጣል፤ አለት ላይ የገጠመ ግን በድጅኖ ሲታገል ይውላል። መረሬ ጥቁር አፈር ደግሞ ሁለት ጠባይ አለው፤ በበጋ እንደ ጡብ ይደርቃል፣ በክረምት ያብጥና ቋሚውን ያናጋዋል። እዚያ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ መውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከማንም ጋር ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት በተለያዩ ጎኖች ሦስት ጉድጓድ በቀን ሠራተኛ ያስቆፍሩ። ምን ያህል ሰዓት እንደፈጀ ያዩና በቀን ምንዳው ያሰሉታል። ሦስቱ ግማሽ ቀን ከፈጁ በአንድ ሰው ቀን ስድስት ጉድጓድ ነው፤ የቀን ምንዳው 600 ብር ቢሆን አንዱ ጉድጓድ 100 ብር ይቆማል። ከዚህ በኋላ "በጉድጓድ ሁለት መቶ ሃምሳ ካልሆነ አልነካም" የሚል ሰው ሲመጣ የሚመልሱለት አለዎት፤ እርሱም መሬቱን ሳያይ በድፍን ተስማምቶ መሀል ላይ ጥሎዎት አይሄድም።

"አጥሩን በሙሉ በስንት?" ተብሎ የተቆረጠ ዋጋ የሚያጣላ ነው። በቋሚና በሜትር የተቆረጠ ዋጋ ግን አንድ ቋሚ ሲጨመር 150 ብር ይጨመራል፤ ሲቀር ይቀነሳል፤ ክርክር የለም። መሣሪያው፣ ውኃው፣ ምሳው የማን እንደሆነ፣ አለት ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይነገር፤ ሁለት መስመር ወረቀት ላይ ቢሰፍር ደግሞ የተሻለ ነው።

በጉድጓድ የሚከፈለው ቆፋሪ የሚፈተነው በጥልቀት ነው። አለት ሲገጥመው በ40 ሳንቲ ሜትር ቆሞ፣ ቋሚው ከሌሎቹ በላይ እንዳይታይ ከአናቱ በመጋዝ የሚቆርጥ አለ፤ ከተጠቀጠቀ በኋላ ማንም አያውቀውም። መከላከያው ጥቂት ቀለም ነው። ቋሚዎቹ መሬት ላይ ተደርድረው ሳሉ ከታች 60 እና 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ሁለት የቀለም መስመር ያስምሩ። በደንብ በተተከለ ቋሚ ላይ የታችኛው መስመር አፈር ውስጥ ገብቶ የላይኛው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለቱም ከታዩ ጉድጓዱ አጥሯል። ከአናቱ የቆረጠውም በዚሁ ይታወቃል፤ አናቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ቢስተካከልም ሁለቱ መስመሮች ከመሬት በላይ ይቀራሉ። ይህን ለመደበቅ ብሎ መስመሩን ዝቅ አድርጎ የሚቀባ ሠራተኛ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ክፍያውን በሦስት ይክፈሉት። ቋሚዎቹ ሁሉ ቆመው፣ በእጅ ተነቅንቀው፣ መስመራቸው ታይቶ አንድ ክፍል፤ ሽቦው ተወጥሮ ሲያልቅ ሁለተኛው፤ ከእጅ ዋጋው አንድ አምስተኛው፣ በእኛ ሂሳብ ወደ 2,100 ብር፣ ይቆይ። የሚቆየውም ለአንድ ምክንያት ነው። አዲስ የተጠቀጠቀ አፈር ከባድ ዝናብ ሲያገኘው ይሰምጣል፤ የማዕዘን ቋሚው የሚያዘምመውም፣ ሽቦው የሚረግበውም ያኔ ነው። ያንን 2,100 ብር ለሠራተኛው የሚከፍሉት ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ተመልሶ ማዕዘኖቹን ሲጠቀጥቅና ስድስቱን ረድፍ እንደገና ሲወጥር ነው፤ ይህንንም ጉድጓዱ ሳይጀመር ይንገሩት።